በሁለተኛ ክፍል በኅብረት በቃል የሚቀርብ አጭር ግጥም፦ አመራረጡና የማስተማሪያ ስልቱ
(የአንዲት የጣና ታንኳ ግጥም እንደ ማሳያ)

መግቢያ

በብዙ የሁለተኛ ክፍል መማሪያ ክፍሎች የአማርኛ ክፍለ ጊዜ የሚከፈተው ወይም የሚዘጋው በግጥም ነው። መምህሯ እጇን ስታነሣ ልጆቹ ይቆማሉ፤ ድምፃቸው በአንድነት ይወጣል፤ ስንኙ ቤት በሚመታበት ቦታ ሁሉ አብረው ከፍ ይላሉ፤ ግጥሙም ያለ ስሕተት ያልቃል። ከበሩ ውጭ ቆሞ የሚያዳምጥ ሰው ክፍሉ በሙሉ ግጥሙን በቃሉ የያዘ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ በሦስተኛው ረድፍ ከተቀመጡት ልጆች አንዷ ብቻዋን እንድትል ስትጠየቅ ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ትቆማለች። ይህች ልጅ አላታለለችም። ግማሽ ትንፋሽ ያህል ወደ ኋላ እየቀረች የጓደኞቿን ድምፅ ስትከተል ስለ ነበር ግጥሙን ያወቀችው ለራሷም መስሏት ነበር።

ከእርሷ አጠገብ የተቀመጠው ልጅ ደግሞ ግጥሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይለዋል። ነገር ግን ጥያቄውንም መልሱንም፣ ደስታውንም ሥጋቱንም በአንድ ዓይነት ዜማ ያወርደዋል። «ማን ነው የሚናገረው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ የለውም። የመጀመሪያዋ ልጅ ችግር የማስታወስ ነው፤ የሁለተኛው የአገላለጽ ነው። ሁለቱንም ችግሮች የደበቀው ግን አንድ ነገር ነው፤ እርሱም ኅብረቱ ነው።

የችግሩ ሥር የሚገኘው ማስታወስና አገላለጽ ከግጥሙ የሚፈልጉት የተለያየ በመሆኑ ላይ ነው። ማስታወስ መመሳሰልን ይወድዳል፤ እኩል ርዝመት ያላቸው ስንኞች፣ የማይናወጥ ምት፣ የሚደጋገም ቤት ለልጅ አእምሮ መያዣ ይሆኑለታል። አገላለጽ በአንጻሩ ልዩነትን ይፈልጋል፤ ድምፅ የሚለወጠው ተናጋሪው፣ ስሜቱ ወይም ሁኔታው ሲለወጥ ነው። ግጥሙ የመጀመሪያውን ብቻ ከያዘ ልጆቹ ያዜሙታል እንጂ አይናገሩትም፤ ሁለተኛውን ብቻ ከያዘ ደግሞ በቃላቸው አይቀርም። ይህ ጽሑፍ ሁለቱን የሚያስታርቅ ግጥም እንዴት እንደሚመረጥ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ እንዴት እንደሚያዝና ኅብረቱ የሚደብቀው ነገር እንዴት እንደሚገለጥ በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ ላሉ ልጆች ታስቦ በተዘጋጀ ማሳያ አማካይነት ይመረምራል።

ልጆቹ ይዘውት የሚመጡት ልምድ

በጣና ዙሪያ የሚያድግ ልጅ በኅብረት በቃል ማለትን የሚማረው ከትምህርት ቤት አይደለም። ለቡሄ ከጓደኞቹ ጋር በር ለበር ሲዞር አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ አውጪው አዲስ ነገር ይጨምራል፣ ተቀባዮቹ የታወቀውን ይደግማሉ። በእንቁጣጣሽ ልጃገረዶች አበባ ይዘው ሲወጡም ሥርዓቱ ያው ነው። ልብ ሊባል የሚገባው፣ በእነዚህ ጨዋታዎች ሁሉ ድምፁ አንድ ወጥ አለመሆኑ ነው። ክፍሉ በሙሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያንኑ ቃል በአንድ ላይ የሚልበት ልማድ የመማሪያ ክፍል ልማድ እንጂ የልጆቹ የራሳቸው አይደለም።

በደሴቶቹና በዘጌ ገዳማት ዙሪያ ሥር የሰደደው የቤተ ክህነት ትምህርትም በቃል ላይ የተመሠረተ ነው። ይሁንና የቆሎ ተማሪ የግእዝን ንባብ የሚይዘው በድምፁ አነሣሥና አጣጣል ጭምር ነው፤ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ የተባሉት የንባብ ዓይነቶች ለዚህ ምስክር ናቸው። ፊደሉ ትክክል ሆኖ ንባቡ ያለ ቦታው ቢነሣ ወይም ቢወድቅ መምህሩ ያርማል። ተማሪውም የቃል ትምህርቱን ለመምህሩ የሚያሰማው ብቻውን ነው። ስለዚህ በነባሩ ሥርዓት ውስጥ ቃልን መያዝ፣ ድምፅን መለየትና ለብቻ መሰማት አብረው ይሄዱ ነበር። ዘመናዊው ክፍል ከዚህ ሥርዓት በኅብረት የማለቱን ልማድ ወስዶ ሌሎቹን ሁለቱን በአብዛኛው ትቷቸዋል።

ግጥሙን መምረጥ

ምርጫው የሚጀምረው ከትንፋሽ ነው። የሰባትና የስምንት ዓመት ልጅ ሳይቸገር በአንድ ትንፋሽ የሚለውና አንዴ ሰምቶ መልሶ የሚደግመው ሐረግ አጭር ነው። በአማርኛ ሥነ ግጥም የወል ቤት በመባል የሚታወቀው ምጣኔ በስንኙ 12 ቀለማት ሲኖሩት፣ እነርሱም ስድስት ስድስት ሆነው በሁለት ሐረግ ይከፈላሉ። ይህ ለአዋቂ ጆሮ እጅግ የለመደ ነው፤ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ግን መካከል ላይ ትንፋሹ ያልቅና ቃሉን ለሁለት ይሰብረዋል። የቡሄ በሉ ቤት የሚባለው ምጣኔ አራት አራት ቀለማት ባሏቸው ሁለት ሐረጎች ስለሚሠራ ለዚህ ዕድሜ ይስማማል።

እዚህ ላይ ብዙ መምህራንን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። ቀለም ማለት ፊደል ማለት አይደለም። «በማለዳ» አራት ፊደል፣ አራትም ቀለም ነው። «ጥቂት እንጨት» ግን ሰባት ፊደላት ቢኖሩትም ሲነገር አራት ቀለም ብቻ ነው፤ ሳድሶቹ ገሚሶቹ አናባቢ ሳይኖራቸው ከፊታቸው ባለው ቀለም ላይ ይዘጋሉ። ስለዚህ የግጥሙን ልክ በዓይን መቁጠር አይቻልም፤ ድምፅ አውጥቶ በጣት እየመቱ መቁጠር ያስፈልጋል። በወረቀት ላይ አጭር የሚመስል ስንኝ በአፍ ረጅም፣ ረጅም የሚመስለውም አጭር ሆኖ ይገኛል።

ሁለተኛው መመዘኛ በግጥሙ ውስጥ ከአንድ በላይ ተናጋሪ መኖሩ ነው። ልጅ «ስሜት ሰጥታችሁ በሉት» ሲባል የሚያደርገው ነገር ቢኖር መጮኽ ነው፤ ምክንያቱም ስሜት የሚባለው ነገር ከየት እንደሚመጣ አልተነገረውም። ግጥሙ ጥያቄና መልስ ሲይዝ ግን ድምፁን የሚለውጥበት ምክንያት በእጁ ይገባል። ከዚህም ሌላ ቢያንስ አንድ ቦታ ላይ ሁኔታው በድንገት የሚለወጥበት መታጠፊያ ቢኖር መልካም ነው፤ ይህ መታጠፊያ ልጁ ግጥሙን እየተናገረው ነው ወይስ እያዜመው ነው የሚለውን በኋላ ለመለየት ያገለግላል።

ሦስተኛው ልጁ ያየውን፣ የነካውን ወይም ሊያየው የሚችለውን ነገር መያዙ ነው። በትምህርት ቤት በዓላት ላይ የሚቀርቡ ብዙ ግጥሞች ዕውቀትን፣ ዕድገትንና አገርን በረቂቅ ስሞች ያወድሳሉ። ልጁ እነዚህን ቃላት ሊደግማቸው ይችላል፤ በዓይነ ኅሊናው የሚያየው ነገር ስለሌለ ግን አንዱ ስንኝ ሲጠፋበት ቀጣዩን የሚጠራለት ሥዕል የለም። የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» በርካታ ትውልድ ግጥም በቃሉ የያዘበት መጽሐፍ ነው፤ ታሪክ ያላቸው ግጥሞቹ ለማስታወስ የሚመቹትም ከዚሁ የተነሣ ነው። ርዝመታቸውና የቃላታቸው ክብደት ግን ከፍ ላሉ ክፍሎች የሚስማማ ነው።

ማሳያ ግጥም

ከላይ የተዘረዘሩትን ሦስት መመዘኛዎች ለማሳየት ለዚህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ግጥም የሚከተለው ነው።

ታንኳ፣ ታንኳ፣ ወዴት ሄድሽ?
በማለዳ ማን ቀዘፈሽ?

አባባ ነው የቀዘፈኝ፤
ዘጌ ደርሰን አሳረፈኝ።

ምን ጫነብሽ እንደገና?
ጥቂት እንጨት፣ ጥቂት ቡና።

ዝም በሉ! ነፋስ መጣ፤
አባባዬ፣ ቶሎ ውጣ!

ግጥሙ ስምንት ስንኞችና 27 ቃላት አሉት። ከሰባተኛው በስተቀር ሁሉም ስንኞች አራት አራት ቀለም ባላቸው ሁለት ሐረጎች የተሠሩ ናቸው፤ ቤቱም በየሁለት ስንኙ ይመታል። መመሳሰሉ ለማስታወስ የሚያገለግለው ይህ ነው። ልዩነቱ ደግሞ በተናጋሪዎቹ ላይ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስንኞች የጠያቂ ልጆች፣ የሚቀጥሉት ሁለቱ የታንኳዋ፣ አምስተኛው እንደገና የጠያቂዎቹ፣ ስድስተኛው የታንኳዋ ናቸው። ሰባተኛው ላይ ጨዋታው ይቆምና ነፋስ ይመጣል።

«ዝም በሉ» የሚለው ሐረግ ሦስት ቀለም ብቻ ነው። የጎደለውን አራተኛ ቀለም የሚሞላው ዝምታ ነው። ስድስት ስንኝ ሙሉ የለመዱትን ምት ይዘው የሚመጡ ልጆች እዚህ ሲደርሱ እግራቸው ደረጃ እንደ ሳተ ሰው ይሆናሉ። ግጥሙን በዜማ ብቻ የያዘ ልጅ «ዝምን» ጎትቶ ክፍተቱን ይሞላዋል፤ ትርጉሙን የያዘ ልጅ ግን ከቃለ አጋኖው በኋላ ቆሞ ያዳምጣል። ስለዚህ ይህች ጉድለት ሆን ተብላ የተተወች ናት።

የግጥሙ ዕቃዎችም የጣና ዳርቻ ዕቃዎች ናቸው። ታንኳ የምትታሰረው ከደንገል ነው፤ ደንገሉ ውኃ ስለሚመጥ ታንኳዋ ከጉዞ በኋላ ከውኃው ወጥታ መድረቅ አለባት። «አሳረፈኝ» የሚለው ቃል ለዳርቻው ልጅ ይህን ሁሉ ይዞ ይመጣል። ቡና የዘጌ ደን የታወቀ ምርት ነው። ሐይቁ ላይ ነፋስ ሲነሣ ዝቅ ብላ የምትንሳፈፍ የደንገል ታንኳ ለአደጋ እንደምትጋለጥ የቀዛፊ ልጅ አይጠፋውም። የመጨረሻው ስንኝ ሥጋት ከዚህ የሚመነጭ እንጂ ለጌጥ የገባ አይደለም።

የአምስት ቀን ሥራ

ግጥሙ ሙሉ ክፍለ ጊዜ አይፈልግም። በየቀኑ ከአማርኛው ክፍለ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቢሰጠው በአንድ ቀን ለአንድ ሰዓት ከመደጋገም ይልቅ የተሻለ ይያዛል። ልምምድን በቀናት ከፋፍሎ መሥራት በአንድ ጊዜ ከማከማቸት እንደሚበልጥ ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ስለ ማስታወስ የሚተርክ ሥራው ካሳየ ወዲህ ይህ ግኝት ደጋግሞ ተረጋግጧል።

በመጀመሪያው ቀን ልጆቹ አይናገሩም፤ ያዳምጣሉ። መምህሯ መጽሐፍ ሳትይዝ፣ ወደ ልጆቹ እያየች ግጥሙን ሁለት ጊዜ ትለዋለች። እርሷ ራሷ ከወረቀት የምታነብ ከሆነ ልጆቹ የሚማሩት የንባብን ድምፅ ነው። ከዚያ ሦስት ጥያቄ ትጠይቃለች፦ ስንት ተናጋሪ አለ? ታንኳዋ የት ደርሳ ተመለሰች? «አባባዬ» ያለው ማን ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ሁለት መልስ አለው፤ ታንኳዋም ልትሆን ትችላለች፣ በዳርቻ የቆመ የቀዛፊው ልጅም ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም መቀበል ይገባል፤ ልጁ አንዱን መምረጡና ለምን እንደ መረጠ መናገሩ ስንኙን በምን ድምፅ እንደሚለው ይወስንለታልና። ከተማው መካከል የሚኖሩ ልጆች ታንኳን በቅርብ ላያውቁ ስለሚችሉ አንድ የደንገል ዘንግ ወደ ክፍል ማምጣት ከብዙ ማብራሪያ ይበልጣል።

በዚያው ቀን መጨረሻ የመያዙ ሥራ ይጀመራል፤ የሚጀመረው ግን ከመጨረሻዎቹ ሁለት ስንኞች ነው። ልማዱ ከመጀመሪያው ስንኝ መነሣት በመሆኑ የግጥሙ መግቢያ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል፤ መጨረሻው ግን ጥቂት ጊዜ ብቻ ይነገራል። በኅብረት የሚባል ግጥም ሲጀምር ጠንክሮ ሲያልቅ የሚደክመው ከዚህ የተነሣ ነው። ከመጨረሻው ተነሥቶ ወደ ፊት የሚያዝ ግጥም ግን ልጁ በገፋ ቁጥር ወደሚያውቀው ይደርሳል። አያያዙ በሐረግ ነው፦ መምህሯ «ዝም በሉ!» ትላለች፣ ልጆቹ ይመልሳሉ፤ «ነፋስ መጣ» ትላለች፣ ይመልሳሉ፤ ከዚያ ስንኙን ሙሉ፣ በመጨረሻም ሁለቱን ስንኞች በአንድ ላይ።

በሁለተኛው ቀን መምህሯ ቀድማ አትልም። «ትናንት የያዝነው ምን ነበር?» ብላ ልጆቹ ራሳቸው እንዲያወጡት ትጠብቃለች። ይህ ጥቂት የዝምታ ጊዜ ይፈጃል፤ ብዙ መምህራንም ዝምታው ስለሚከብዳቸው ቃሉን ቶሎ ይሰጣሉ። ሆኖም ልጁ ለማስታወስ የሚታገልባት ያች አፍታ ከአሥር ድግግሞሽ ይልቅ ትጠቅመዋለች። ከዚያ አምስተኛውና ስድስተኛው ስንኝ ይታከላሉ፤ ቀጥሎም ሦስተኛውና አራተኛው፣ በመጨረሻ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ።

ሦስተኛው ቀን የድምፅ ቀን ነው። ክፍሉ በሁለት ይከፈላል፤ በመስኮቱ በኩል ያሉት ጠያቂ፣ በግድግዳው በኩል ያሉት ታንኳ ይሆናሉ። ጥያቄው እንደ ጥያቄ እንዲሰማ «ድምፃችሁን እንዲህ አድርጉ» ማለት አያስፈልግም። መምህሯ አንዷን ልጅ «አንቺ ትናንት ከትምህርት በኋላ ወዴት ሄድሽ?» ብላ ከልብ ትጠይቃታለች፤ ልጅቷም ጓደኛዋን እንዲሁ ትጠይቃለች። ከዚያ «አሁን በጠየቅሽበት ድምፅ ታንኳዋን ጠይቂያት» ትባላለች። ልጆች በንግግር ጊዜ አገላለጽ አይጎድላቸውም፤ የሚጎድላቸው ያንኑ ድምፅ ወደ ግጥሙ ይዘው መግባት እንደሚችሉ ማወቅ ነው። ሰባተኛውን ስንኝ ሁሉም በሹክሹክታ ይሉታል፤ ስምንተኛውን ሁሉም በጥሪ ድምፅ ይሉታል። ከዚህ ቀን ጀምሮ ማጨብጨብ ይቀራል። ጭብጨባ ምትን ለማስያዝ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይረዳል፤ ከዚያ በኋላ ግን ዜማውን አጽንቶ አገላለጹን ይገድለዋል።

በአራተኛው ቀን ግጥሙ በሰሌዳ ላይ ይጻፋል። ክፍሉ አንድ ጊዜ ካለው በኋላ መምህሯ አራት ቃላት ታጠፋለች፤ ክፍሉ የጠፉትን ጨምሮ እንደገና ይለዋል፤ ደግሞ አራት ይጠፋሉ። መጀመሪያ የሚጠፉት ልጆቹ በቀላሉ የሚሞሏቸው ቤት መምቻ ቃላት ናቸው፤ መጨረሻ ላይ የሚቀሩት የየስንኙ መነሻ ቃላት ናቸው። በመጨረሻም «ታንኳ፣ አባባ፣ ምን፣ ዝም» የሚሉት አራት ቃላት ብቻ ይቀራሉ፤ እነርሱም በመጨረሻ ይጠፋሉ።

ኅብረቱ የሚደብቀውን መግለጥ

አምስተኛው ቀን የመለየት ቀን ነው። የመጀመሪያው ዘዴ የዝምታ ፈተና ሊባል ይችላል። ክፍሉ በኅብረት እያለ መምህሯ እጇን ትጨብጣለች፤ እጇ በተጨበጠ ጊዜ ድምፅ ይቆማል፣ ግጥሙ ግን በልብ ይቀጥላል፤ ሲከፈት ሁሉም በደረሱበት ቦታ ድምፅ ያወጣሉ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ጨብጣ አምስተኛው ላይ ብትከፍት፣ ግጥሙን የያዙት «ምን ጫነብሽ» ብለው ይነሣሉ። ሌሎችን ይከተሉ የነበሩት ግን የሚከተሉት ድምፅ ስለ ሌለ አፋቸው ይዘጋል ወይም ከቆሙበት ይጀምራሉ። ይህ አሥር ሰከንድ የማይሞላ ፈተና ማንንም ሳያሳፍር ለመምህሯ ዓይን ብዙ ነገር ያሳያል።

ሁለተኛው በአራት በአራት ሆኖ መሰማት ነው። ግጥሙ አራት ጥንድ ስንኞች ስላሉት ለአራት ልጆች ይበቃል። በክፍሉ 48 ልጆች ቢኖሩ 12 ቡድን ይሆናሉ፤ አንዱ ቡድን ግጥሙን ለመጨረስ ከአንድ ደቂቃ በታች ስለሚበቃው ሁሉንም በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ማዳመጥ ይቻላል። ዋናው ነገር ልጁ የትኛው ጥንድ እንደሚደርሰው አስቀድሞ አለማወቁ ነው፤ መምህሯ በዚያው ሰዓት በጣቷ ትመድባለች። በስም ዝርዝሩ አጠገብ ከሦስት ምልክት አንዱን ታኖራለች፦ ያለ ድጋፍ ያለ፣ የመጀመሪያው ቃል ሲነገረው ያለ፣ ከሌሎች ጋር ብቻ የሚል። የአገላለጹ ምልክት ለብቻው ነው፤ የሚጠየቀውም ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ልጁ ከመልስ ወደ ጥያቄ ወይም ወደ ነፋሱ ሲሻገር ድምፁ ተለውጧል ወይስ አልተለወጠም?

ሦስተኛው ምልክት በጆሮ የሚያዝ ነው፤ እርሱም መጥበቅና መላላት ነው። የአማርኛ ጽሕፈት ይህን አያሳይም፤ ሲነገር ግን አይቀርም። «መጣ» እና «ውጣ» ቤት ይመታሉ፤ ነገር ግን የመጀመሪያው «ጣ» ይጠብቃል፣ ሁለተኛው ይላላል። «እንደገና» እና «ቡና»ም እንዲሁ ናቸው፤ «ገና» ይላላል፣ «ቡና» ይጠብቃል። ክፍሉ ወደ ባዶ ዜማ ሲወድቅ ሁለቱን እኩል ማድረግ ይጀምራል፤ «ውጣ»ም እንደ «መጣ» ጠብቆ ይሰማል። ልጆቹ ቃሉን ትተው ምቱን ብቻ መከተላቸው በዚህ ይታወቃል። ፈውሱ ስንኙን ከግጥሙ አውጥቶ እንደ ንግግር ማለት ነው፤ አንዱ ልጅ ሌላውን «ቶሎ ውጣ!» ብሎ ከደጅ ይጠራዋል፤ ቃሉ ወዲያው ወደ ትክክለኛ ድምፁ ይመለሳል።

ከዚህ በኋላ ግጥሙ ለሌላ ጊዜ ይቀመጣል። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ቀን፣ ከወር በኋላም አንድ ቀን ያለ ማስጠንቀቂያ ይጠየቃል። በወሩ መጨረሻ የጠፋው የትኛው ስንኝ እንደ ሆነ ማየት ለሚቀጥለው ግጥም ምርጫ ጠቃሚ መረጃ ነው። ብዙ ልጆች አንድ ስንኝ ላይ ከቆሙ ጥፋቱ በልጆቹ ላይ ሳይሆን በስንኙ ላይ የመሆኑ ዕድል ከፍተኛ ነው፤ ወይ ሥዕል የለውም፣ ወይ ከፊተኛው ስንኝ ጋር የሚያስተሳስረው ነገር የለም።

ሊታወቁ የሚገባቸው ገደቦች

በቃል የተያዘ ግጥም የንባብ መለኪያ ሊሆን አይችልም። የሁለተኛ ክፍል ልጅ ግጥሙን በቃሉ ከያዘ በኋላ ጣቱን በሰሌዳው ላይ እያንቀሳቀሰ ሲለው የሚያነብ ይመስላል፤ ጣቱ ግን ከቃሉ ቀድሞ ወይም ኋላ ቀርቶ ይገኛል። ልዩነቱን ለማወቅ የግጥሙን ቃላት በተናጠል ወረቀት ላይ ጽፎ ያለ ቅደም ተከተል ማሳየት ይበቃል። «ዘጌ»ን በግጥሙ ውስጥ ያለው፣ ብቻውን ሲያየው ካልለየው፣ ግጥሙን ያውቀዋል እንጂ ፊደሉን ገና አልያዘውም።

የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው አማርኛ ያልሆነ ልጆች፣ ለምሳሌ በቤታቸው አዊኛ የሚናገሩ፣ በኅብረቱ ውስጥ ድምፁን ቶሎ ይይዛሉ፤ ትርጉሙ ግን በዚያው ፍጥነት አይመጣላቸውም። ለእነርሱ የመጀመሪያው ቀን ጥያቄዎች ከሁሉም ቀናት ይበልጣሉ። የሚንተባተብ ልጅ ደግሞ ከሌሎች ጋር አብሮ ሲናገር መንተባተቡ በአብዛኛው ይቀንሳል። ይህ ለልጁ ትልቅ ዕረፍት ነው፤ ሆኖም በአራት በአራት ሲሰማ ያ ዕረፍት ይወሰድበታል። ለእንዲህ ያለው ልጅ ጥንዱን ከአንድ ጓደኛው ጋር በሁለት ድምፅ እንዲል መፍቀድ ይገባል፤ የሚመዘነው ማስታወሱና አገላለጹ እንጂ አንደበቱ አይደለምና።

ማጠቃለያ

የታንኳዋ ግጥም ማሳያ እንጂ ብቸኛ ምርጫ አይደለም። ሌላ ግጥም የሚመርጥ መምህር ሊፈትነው የሚገባው በሦስት ነገር ነው፦ ድምፅ አውጥቶ ሲለው ሐረጉ በልጅ ትንፋሽ ያልቃልን? ተናጋሪ የሚለወጥበት ቦታ አለውን? ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ ሊያየው የሚችል ነገር ይዟልን? ሦስቱን ካለፈ የመመሳሰሉ ኃይል ለማስታወስ፣ የልዩነቱ ኃይል ለአገላለጽ ይውላል። ከዚያ በኋላ የቀረው መምህሩ በየሳምንቱ አንድ ጊዜ እጁን ጨብጦ ክፍሉን ዝም ማሰኘትና ከዝምታው ማዶ ማን በትክክለኛው ስንኝ ላይ እንደሚነሣ ማዳመጥ ነው። በሦስተኛው ረድፍ የተቀመጠችው ልጅ ግጥሙን መያዝ አለመያዟ የሚታወቀው በዚያች አፍታ ነው፤ ካልያዘችም ገና ለማስያዝ ጊዜ አለ።